አሥራ ሁለት ዓይነት ሐዋሳ፦ የ20 ደቂቃ ንግግሬን በ5 ደቂቃ እንዴት አቀረብኩት

የ20 ደቂቃ ንግግሬ ስለ ሞክሼ ፊደላት ነበር። ሰው ኮምፒውተር ላይ በ«ሀ» የጻፈውን ቃል ሌላው በ«ሐ» ሲፈልገው ያጣዋል። ለዚህ ችግር የሠራሁትን መፍትሔ አዲስ አበባ ላይ ለሶፍትዌር ባለሙያዎች አቅርቤው ነበር። ከዚያ ሐዋሳ ላይ እንድደግመው ተጠየቅኩ። አዘጋጁ ግን «ፕሮግራሙ ሞልቷል፤ 5 ደቂቃ ብንሰጥህ ትበቃሃለች?» አለኝ። እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር። ከ26ቱ ስላይዶች ሰባቱን ብቻ ያዝኩ፤ ግን ከሁሉም ክፍል ትንሽ ትንሽ ወሰድኩ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ መግባቱ አለ። የፊደል ሠንጠረዡ አለ። ኮዱ አለ፤ የፍጥነት መለኪያውም አለ። የስልኬን ሰዓት ከፍቼ ጮክ ብዬ ሳነበው 8 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ። ፈጠን ብዬ ደገምኩት፤ 6 ደቂቃ ሆነ። የሥራ ባልደረባዬ ሰምቶ «ሁሉንም ነካክተሃል፤ እኔ ግን አንዱንም አልያዝኩም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ስላይዶቹን ዘግቼ ወረቀት ያዝኩ። ሰሚው በማግስቱ ለጓደኛው የሚነግራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ትሁን? «ስትፈልግ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል አምጣ» ብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱን ስላይድ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያየሁት። ያለ እሱ ዓረፍተ ነገሯ ከቆመች ስላይዱ ወጣ። የዩኒኮድ ታሪክ ወጣ። የፍጥነት መለኪያው የለፋሁበት ስለሆነ ቅር አለኝ፤ እሱም ወጣ። ኮዱም ወጣ። በ30 ሰከንድ ኮድ አንብቦ የሚረዳ ሰው የለም።

የቀረው አንድ ምሳሌ ነው። ምሳሌዬ አዲስ አበባ ላይ «ፀሐይ» ነበረች፤ እዚህ የከተማው ስም ራሱ የተሻለ ሆነ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ነው። የመጨረሻው ሳ ወይም ሣ ነው። ስድስት በሁለት ሲባዛ አሥራ ሁለት ዓይነት ሐዋሳ ይወጣል፤ አነባበቡ ግን አንድ ነው። ረጅሙ ንግግር ላይ ችግሩ የሚታየው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነበር። እዚህ የመጀመሪያው ስላይድ ራሱ ባዶ የፍለጋ ውጤት ሆነ፦ ዝርዝሩ ውስጥ «ሀዋሳ» አለ፣ የተፈለገው «ሐዋሳ»፣ የተገኘው ዜሮ።

ፍለጋውን በቀጥታ ላሳይ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ኢንተርኔት 30 ሰከንድ ቢዘገይ ከጊዜዬ አንድ አሥረኛው ሄደ ማለት ነው። ሁለት የስክሪን ፎቶ አስገባሁ፤ አንዱ ከማስተካከሉ በፊት፣ አንዱ በኋላ።

በጣም ያስተማረኝ ግን የቆረጥኩት አንድ ነገር ነው። ልምምዴን የሰሙ አንድ የአማርኛ መምህር «ልጄ፣ ሠረቀ እና ሰረቀ አንድ ናቸው ልትለን ነው?» አሉኝ። በ«ሠ» ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ በ«ሰ» ሲጻፍ ሌባ ወሰደ ነው። «አይ ጋሼ፣ የተጻፈው አይነካም። ለፍለጋ ብቻ ሌላ ቅጂ ይቀመጣል» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አልተናገርከውም?» አሉ። ረጅሙ ንግግር ላይ ለዚህ ሦስት ስላይድ ነበረኝ፤ ሦስቱንም አውጥቼያቸው ነበር። ሰሚ ይህን ሳይሰማ ሄዶ የሰውን ጽሑፍ በሙሉ ቢለውጥ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ በአንዲት ዓረፍተ ነገር መለስኩት፦ «የተጻፈውን አትንካ፤ ቅጂውን ቀይር።»

ቃላቱንም ቆጠርኩ። በተረጋጋ አነጋገሬ በደቂቃ ወደ 95 ቃል ነው የምናገረው። ግቤን 4 ደቂቃ ተኩል አድርጌ ጽሑፉን 420 ቃል ላይ አቆምኩት። ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመድኩ ተለማመድኩት። የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃል ያዝኩ።

በዕለቱ የፕሮጀክተሩ ገመድ አልገጥም ብሎ 20 ሰከንድ በላብኝ፤ ሰዓቱ ደግሞ ስሜ ከተጠራ ጀምሮ እየቆጠረ ነበር። የተረፈችው ግማሽ ደቂቃ አዳነችኝ። 4 ደቂቃ ከ52 ላይ ጨረስኩ።

ሻይ ላይ አንዲት ልጅ መጣችና «አዋሳ ብዬ ብፈልግስ?» አለችኝ። «አ» የ«ሀ» ሞክሼ አይደለም፤ የእኔ ዘዴ አያገኘውም። ለእሱ የተለዋጭ ስሞች ዝርዝር ያስፈልጋል። የረጅሙ ንግግር 19ኛ ስላይድ ይህንኑ ነበር የሚለው። ስልኬ ላይ ነበረች፤ ከፍቼ አሳየኋት።