የረጋውን ማር የመለስኩበት ዓመት

ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዲት ነጋዴ የገዛሁት ማር በሁለተኛው ወር ከላይ እስከ ታች ረግቶ እንደ ቅቤ ነጣ። «ስኳር ሸጥሽልኝ» ብዬ ወስጄ መለስኩላት። ብዙም ሳትከራከረኝ ገንዘቤን ቆጥራ ሰጠችኝ። ከሌላ ሱቅ ወርቅ የመሰለ፣ ሰፈፍ ጣል ጣል ያለበት ማር ገዛሁና ዓመቱን ሙሉ ሳይረጋ ሲቆይ ንጹህ ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ጎጃም ንብ የሚያረባው አጎቴ ለገና ሲመጣ ይህን ነገርኩት። «ልጄ፣ የእኔም ማር እኮ ይረጋል። እኔንም ሌባ ልትይኝ ነው?» አለኝ። ተናድዶ ነበር፤ ልክም ነበር። በቀጣዩ ኅዳር ከራሱ ቀፎ የቆረጠውን ላከልኝ። አመጣጡን አሳምሬ የማውቀው ማር በእጄ ስለገባ ራሴው በርዤ ለማየት ወሰንኩ።

አራት ተመሳሳይ ብልቃጥ አዘጋጀሁ። በመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ንጹህ ማር አደረግሁ። በሁለተኛው 400 ግራም ማር፣ በላዩም ስኳር በሎሚ ጭማቂ አፍልቼ እንደ ማር እስኪወፍር ያቆየሁትን 100 ግራም ሽሮፕ ጨመርኩ። በሦስተኛው 400 ግራም ማርና 100 ግራም ቀጭን የስኳር ውሃ ቀላቀልኩ። በአራተኛውም ያለው ንጹህ ማር ነው፤ ግን ብልቃጡን እጅ በማይችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየሁት። እህቴ ከታች ምልክት አድርጋ ቦታቸውን አቀያየረችብኝ።

ቀጭን ውሃ የገባበትን ወዲያው ለየሁት፤ ከማንኪያ ሲወርድ ክሩ ቶሎ ይበጠሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፋ ይዞ መኮምጠጥ ጀመረ። የቀሩትን ሦስቱን ግን በዓይኔ መለየት አልቻልኩም። ደፍሬ ሐሰተኛ ያልኩት ትንሽ የጠቆረውን ነበር፤ ምልክቱ ሲታይ የሞቀው ንጹህ ማር ሆኖ ተገኘ። በሎሚ የፈላውን ሽሮፕ የያዘው ብልቃጥ ሳልጠረጥረው አለፈ።

ሌሊቱ በሚበርድበት በታኅሣሥና በጥር ንጹሁ ረጋ። ሽሮፕ የገባበትም ትንሽ ዘግይቶና ላላ ብሎ ረጋ። የሞቀው ፈሳሽ እንደሆነ ቀረ። በድሮው ፍርዴ ብሄድ የአጎቴን ማር ልጥለው ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማር ውስጥ በዋናነት ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ስኳሮች አሉ። ግሉኮስ በውሃ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ስለሚያስቸግረው ይረጋል፤ በተለይ ሙቀቱ ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይፋጠናል። ግሉኮሱ የበዛ ማር በሳምንታት ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ፍሩክቶስ የበዛበት ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው ይህን የሚወስነው። ማሞቅ መርጋቱ የሚጀምርባቸውን ጥቃቅን የስኳር ፍሬዎች ስለሚያሟማ መርጋቱን ያዘገየዋል። ስለዚህ መርጋት የአበባውን፣ የብርዱንና የአያያዙን ነገር ይናገራል እንጂ ባዕድ ስኳር መግባት አለመግባቱን አይፈርድም። ከታች ረግቶ ከላይ ቀጭን ፈሳሽ ሲንሳፈፍም ውሃ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ቶሎ እበላዋለሁ እንጂ ተበርዟል ብዬ አልምልም።

ቀለምም እንዲሁ ነው። የትግራይ ነጭ ማር ነጭ የሆነው በተፈጥሮው ነው፤ የግራዋ ማር ደግሞ ይጠቁራል፣ ይመራልም። ሰፈፍና የሞተ ንብ ምስክር አይሆኑም፤ ቁራጭ የማር እንጀራ ሽሮፕ ውስጥ መጣል ቀላል ነው።

አሁን ማር ስገዛ የብልቃጡን ጽሑፍ በጥንቃቄ አነባለሁ። ይዘቱ ማር ብቻ መሆን አለበት፤ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ስኳር ወይም ማጣፈጫ የሚል ቃል በትንንሽ ፊደል ካለ ያ ማር ሳይሆን ድብልቅ ነው። «100% ንጹህ» የሚለው ግን ሻጩ ስለራሱ የሰጠው ቃል ነው። የአምራቹን አድራሻ፣ የታሸገበትን ቀንና የምርት መለያ ቁጥሩን የምፈልገው ችግር ቢመጣ ማንን እንደምጠይቅ ለማወቅ ነው። ክብደቱንም እመዝናለሁ፦ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጣም ካነሰ ውሃ አለበት። ወፍራም ሽሮፕ ግን ሚዛኑንም ያልፋል።

ቁርጡን የሚነግረው ላቦራቶሪ ነው። የዓለም አቀፉ የምግብ መመዘኛ ኮዴክስ ለአብዛኞቹ ማሮች ሱክሮስን፣ ማለትም ተራውን ስኳር፣ ከመቶ ግራም ማር 5 ግራም፣ እርጥበትን 20 በመቶ ላይ ይገድባል። የእኔ የሎሚ ሽሮፕ ግን አብዛኛው ሱክሮስ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከተሰበረ ከሱክሮሱ ወሰን ሊያመልጥ ይችላል። የሸንኮራ አገዳና የበቆሎ ስኳር በካርቦን አይዞቶፕ ምርመራ ይያዛሉ፤ የሩዝ ስኳርና ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ የሚወጣው ስኳር ግን ሌላ ምርመራ ይጠይቃሉ።

ያቺን ነጋዴ ፈልጌ አገኘኋት፤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ማሩን ከየትኛው መንደር፣ በየትኛው ወር እንደምታስመጣው ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ማሬን ከእሷ የምገዛው ረግቶ ሳለ ነው፤ ለቁርስ ስፈልገው ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጣለሁ።