ስቴትመንት ከሌጀር ሲለያይ፦ 27,000 ብር ውስጥ ምን ተደብቆ ነበር?

ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካችን ካርቶን የሚያስመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አቅራቢው በሰኔ 30 ዘግቶ የላከው ስቴትመንት ቀሪ ዕዳችንን 404,000 ብር ያደርገዋል፤ የእኛ ተከፋይ ሌጀር ደግሞ 377,000 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የ27,000 ብር ደረሰኝ ፍለጋ ይገባል። እኔ አልገባም። ልዩነቱ የተጣራ ቁጥር ስለሆነ የጎደለና የተደገመ ደረሰኝ ተቻችለው የተረፈ ሊሆን ይችላል።

መነሻዬ ሁለታችን መጨረሻ ላይ የተስማማንበት ባላንስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ኤክሴል ላይ አውጥቼ ክፍያዎቹን አስቀደምኩ፤ እነሱ ገጠሙ። ደረሰኞቹን ያጣመርኩት ግን በቁጥር ሳይሆን በቀንና ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ነው። አንድ ሽያጭ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል፦ የካሽ ሬጅስተሩ ኤፍ ኤስ ቁጥርና የአባሪው ኢንቮይስ ቁጥር። አቅራቢው በአንዱ፣ እኛ በሌላው ልንመዘግብ እንችላለን።

ድግግሞሹም የመጣው ከዚሁ ነው። መጀመሪያ በቴሌግራም የተላከው ኮፒ በአባሪው ቁጥር ተመዘገበ፤ ኦሪጅናሉ ከዕቃው ጋር ሲደርስ በኤፍ ኤስ ቁጥሩ እንደገና ገባ። ሶፍትዌሩ የሚያስጠነቅቀው ያው ቁጥር ሲደገም ብቻ ስለሆነ ዝም አለ። ዋጋው ዲ ዓምድ ላይ ካለ ይህ ያወጣዋል፦

```
=COUNTIF($D$2:$D$300,D2)
```

2 እና ከዚያ በላይ የሚያሳየው መስመር ሁሉ ግን ድግግሞሽ አይደለም። ካርቶን በየወሩ በእኩል መጠን ይታዘዛል። የሚለየው የመጋዘኑ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ነው፤ ለሁለት ምዝገባ አንድ ርክክብ ብቻ ካለ አንዱ ይሰረዛል። እዚህ 34,500 ብር ተደግሞ ተገኘ።

የጎደለው በተቃራኒው ታየ። ስቴትመንቱ ላይ ያለ የ57,500 ብር ደረሰኝ ሌጀራችን ውስጥ የለም፤ መጋዘን ሄጄ ሳይ ግን ዕቃው ገብቷል፣ የመረከቢያ ሰነዱም ተፈርሟል። ወረቀቱ ብቻ ሂሳብ ክፍል አልደረሰም። ርክክብ ባይኖር ኖሮ ዕዳውን አልቀበለውም ነበር።

የቀረው 4,000 ብር ዊዝሆልዲንግ ነው። 200,000 ብር ከሚያወጣ ዕቃ፣ ያኔ በነበረው 2 በመቶ፣ ከክፍያው ላይ ቀንሰን አስቀርተናል፤ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ስላልደረሰው አቅራቢው አሁንም እንደ ዕዳ ይዞታል። ይህን የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ደረሰኙን መላክ ነው።

እንግዲህ የእኛ 377,000 ላይ 57,500 ሲደመርና 34,500 ሲቀነስ 400,000 ይሆናል። የእሱም 404,000 ያለ 4,000 ያው ነው።

የተደገመውን ሲሰርዙ ግን ዕዳውን ብቻ ነክተው አይለፉት። ከ34,500 ውስጥ 4,500ው ቫት ነው፤ በወሩ የቫት ማስታወቂያ ላይ ሁለቴ ተቀናንሶ ከሆነ ማስታወቂያውም መታረም አለበት። የጎደለው ደረሰኝ 7,500 ብር ቫት ደግሞ ኦሪጅናሉ እጅ እስኪገባ አይቀናነስም፤ ስቴትመንት የታክስ ደረሰኝ አይደለም።