«ቀደም ሲል እንደገለጽኩት»

ዛሬ ካዛንቺስ ቢሮአችን ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ ከሌላ ባልደረባችን የደረሳትን ኢሜይል ከፍታ ስልኳን አቀበለችኝ። «እስኪ አንብበው፣ ተቆጥቶ ነው?»

«ቀደም ሲል እንደገለጽኩት፣ ሰነዱ እስከ ሐሙስ ይላክ» ይላል።

ቃላቱን ትቼ ሲሲው ላይ ማን እንዳለ አየሁ። በመጀመሪያው ኢሜይል ያልነበሩት ሥራ አስኪያጅ አሁን ገብተዋል። የድሮው መልእክትም ከሥር የለም። ለማስታወስ ብቻ ቢሆን የድሮውን አያይዞ ለእሷ ብቻ ይልከው ነበር። ይሄ ግን ሥራው ቢዘገይ «ተናግሬ ነበር» ለማለት የተቀመጠ ማስረጃ ይመስላል።

«ግን አለቃን ሁሌ ሲሲ የሚያደርግ ሰው አለ፤ የቆዩ ኢሜይሎቹን እዪ» አልኳት። አየች። ልማዱ አይደለም።

ማብራሪያ ሳታበዛ «ረቡዕ ከሰዓት እልካለሁ» ብላ ለሁሉም መለሰች።

ሰውየው የሚቀመጠው እኮ ከእሷ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን በአለቃ በኩል መነጋገራችን በጣም ያሳዝነኛል።