ሰባት ወር የፈጀችብኝ አንድ ሌሊት

ባለፈው ዓርብ ማታ የአጭር ልብ ወለዴን አራተኛ ረቂቅ ጨረስኩ። ደስ ብሎኛል። ደስታው ሳይበርድ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ታሪኩ በእጅ ጽሑፍ 9 ገጽ ነው። ደሴ ውስጥ የሚኖር አንድ የታሪክ መምህር ሌሊት ቤቱ ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ያርማል። ሌላ ምንም አይፈጠርም። ይህችን አንድ ሌሊት ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጀብኝ።

አጀማመሬን በአጭሩ ልለፈው። መጻፍ የጀመርኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ታሪኮቼ ስለ ፍቅርና ስለ ስደት ነበሩ፤ ሁለቱንም ከሰው አፍ እንጂ በራሴ አላውቃቸውም። ኮምቦልቻ የሚኖር እንደኔ የሚሞክር ጓደኛ አለኝ። በወር አንድ ጊዜ እየተገናኘን አንዳችን የሌላችንን እናነባለን። አንድ ቀን ሐረጎን ስንወርድ «ማታ ማታ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። «ወረቀት አርማለሁ» አልኩት። «እሱን ጻፋ!» አለኝ።

ጻፍኩት። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ መምህሩ በመስኮት የጦሳን ተራራ እያየ ስለ ፍትሕ ያስባል። ሁለተኛው ላይም ያስባል። ጓደኛዬ ሁለቱንም አንብቦ አንድ ነገር ብቻ አለ። «ተጨነቀ ትለኛለህ እንጂ ሲጨነቅ አላየሁትም።» ቤቴ ገብቼ ቆጠርኩ። «ፍትሕ» የሚለው ቃል 11 ጊዜ ተጽፏል። ሁሉንም ሰረዝኳቸው። ታሪኩ ግማሽ ሆነ፤ የቀረው ግማሽም ባዶ ሆነ። እዚያ ላይ ለሦስት ወር ተቀረቀርኩ።

ያወጣኝ ሥራዬ ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ደረሰና 58 ወረቀት ተሸክሜ ቤት ገባሁ። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ሁለት ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ ላይ ማርኩን እመዘግባለሁ። ሌላው ላይ እጄ ምን እንዳደረገ እጽፋለሁ። ምን እንዳሰብኩ አይደለም፤ እጄ ምን እንዳደረገ። ለምሳሌ «ሦስት ባዶ ወረቀት ተከታትሎ መጣ። አራተኛው ትንሽ ሞካክሯል፣ 7 ሰጠሁት።» በማግስቱ ያንን ወረቀት ብቻውን ሳየው 5 እንኳን በመከራ ነው። በጣም ጎበዝ ከሆነ ልጅ ቀጥሎ የመጣ ደህና ወረቀት ደግሞ ያለጥፋቱ ይወርዳል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ያረምኳቸውን የመጀመሪያዎቹን 10 ወረቀቶች መጨረሻ ላይ ማርካቸውን ሸፍኜ ደገምኳቸው። በሦስቱ ላይ ሌላ ነጥብ ሰጠሁ። መልሱም ቁልፉም ያው ነው። የተለወጠው ሰዓቱና እኔ ነን።

ታሪኩን ያገኘሁት እዚህ ነው። ፈተናው ውስጥ አንዲት የ10 ማርክ ጥያቄ ነበረች፤ ወደ ታሪኩ እንዳለች ወሰድኳት። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ለምን ጠብ አስነሳ? ውጫሌ ደግሞ የኛው አገር ናት፤ በሐይቅ በኩል አልፎ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ። ልጆቹ ስሟን ከመናኸሪያ ያውቁታል። ቁልፉን እንዲህ አወጣሁት። ውሉ የትና መቼ እንደተፈረመ 2 ማርክ፤ ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881። ማንና ማን እንደተዋዋሉ 2 ማርክ፤ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው አንቶኔሊ። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ልዩነት 4 ማርክ። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ያስከተለው ነገር፣ ማለትም ኢጣልያ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ማለቷ፣ ምኒልክ ውሉን መሰረዛቸውና አድዋ፣ 2 ማርክ።

በታሪኩ መምህሩ ፊት ሁለት ወረቀት ተከታትሎ ይመጣል። የመጀመሪያው የአንድ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው ያምራል፣ እጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ሁለት ገጽ ሞልቷል። መምህሩ 8 ይሰጠዋል። ቀጥሎ የአንዲት ልጅ ወረቀት ይመጣል። ስድስት መስመር ነው። ግሱ ከባለቤቱ አይገጥምም። መሐል ላይ እንግሊዝኛው ያልቅባትና በአማርኛ «ይቻላቸዋል» ብላ ትጽፋለች። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሳ «ጣልያን ግን ግድ ነው አለች» የሚል የተሰባበረ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። መምህሩ 4 ይሰጣትና ወረቀቱን ይገለብጣል።

ገልብጦ ግን ማለፍ ያቅተዋል። ያሰመረችው መስመር በወረቀቱ ጀርባ ጎልቶ ይታያል፤ እስክሪብቶውን ተጭናዋለች። ይመልሰዋል። አሁን ቁልፉን አውጥቶ ከጎኑ ያደርጋል። ከቦታና ከዘመን ውጫሌን ብቻ ጽፋለች፣ 1። ከተዋዋዮቹ ምኒልክን ብቻ፣ 1። ልዩነቱን አግኝታዋለች፣ ሙሉ 4። ከዚያ አድዋ ሆነ ብላለች፣ 1። ድምሩ 7 ነው። የልጁንም በዚያው ቁልፍ ያየዋል። ቦታና ዘመን 2። ተዋዋዮቹ 2። ልዩነቱ? ሁለቱ ቅጂዎች የተለያየ ትርጉም ነበራቸው ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ የለም፤ 0። ውሉ ያስከተለው 2። ድምሩ 6። ስምንቱ ወደ ስድስት ወረደ፣ አራቱ ወደ ሰባት ወጣ። ተዋዋዮቹን ያጣላው የቋንቋ ነገር ነው፤ ያ የገባት ደግሞ ቋንቋው ያስቸገራት ልጅ ናት። ይህንን ታሪኩ ውስጥ አልጻፍኩትም። መምህሩ የሚያደርገው መደመርና መሰረዝ ብቻ ነው። ጓደኛዬ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቁሞ «አሁን አየሁት» አለኝ።

ሦስተኛው ረቂቅ እዚህ አለቀ። ሰባት ሰጣት፣ ተኛ። ደስ የሚል ታሪክ ሆነ። ደስ ማለቱ ነው የረበሸኝ። ወረቀት የሚያርም ሰው የሚያነሳውን ጥያቄ ዘልየዋለሁ። እሷን ካስተካከለ ከእሷ በፊት ያለፉት 40 ወረቀቶችስ? እነሱንም ያረማቸው በዚያው ዓይን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዘጠነኛው ወረቀት ነው። በአራተኛው ረቂቅ የጨመርኩት እሱን ነው። አንድ ልጅ መልሱን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ጽፎታል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፣ መመሪያውም በእንግሊዝኛ መልሱ ይላል። መምህሩ ሳያነበው አግድም ሰርዞ ዜሮ ጽፎበታል። ለልጅቷ በአማርኛ አንድ ቃል ማርክ ከሰጠ፣ ለዚህ ልጅ ዜሮ የሰጠው በምን ሚዛን ነው? ስንት ቃል ሲሆን ነው የሚፈቀደው? ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ ያወጣዋል። ያነበዋል። በቁልፉ መሠረት 9 ነው።

ዘጠነኛው ወረቀት ከራሴ የመጣ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ወረቀት ሰርዣለሁ። ልጁ መጥቶ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠራሁትም። መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ምክንያቱም አላነበብኩትም። ታሪኩ ውስጥ መምህሩ እንዲያነበው ያደረግሁት ለዚያ ነው።

ስለ ማረም ከዚህ የወጣልኝን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ግትር ነኝ። የማብራሪያ ጥያቄ ያለበትን ፈተና የአንድን ልጅ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ልክ አይመስለኝም። መጀመሪያው ጥያቄ ላይ ጎበዝ የመሰለን ልጅ አራተኛው ላይ እንሞላለታለን። አንዱን ጥያቄ በ58ቱም ወረቀት ላይ ጨርሱ። ከዚያ ወረቀቱን በውዙትና ወደ ሁለተኛው እለፉ። የስሙን ቦታ እጠፉት፤ እጅ ጽሑፉን ብታውቁትም እጠፉት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቀይ እስክሪብቶ አታንሱ።

ከሁሉ በላይ የምወዳት መሣሪያዬ ግን እርሳስ ናት። አሁን የመጀመሪያውን ዙር በእርሳስ፣ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ሌላ ወረቀት ላይ ነው የምጽፈው። ቀይ ቁጥር አንዴ ወረቀቱ ላይ ካረፈ በኋላ ዓይኔ እሱን ለማጽደቅ ምክንያት ይፈልጋል። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ግን ገና ያልተወሰነ ነው፣ ደግሜ ሳየው አልፈራውም። ለታሪክ ጽሑፍም ሠርታልኛለች። መምህሩ መጀመሪያ ላይ የሚያርመው በቀይ ነው። መጨረሻ ላይ ከገዛ ልጁ ደብተር ቦርሳ እርሳስ ይዋሳል። ልጁ ተኝቷል፣ ቦርሳው ሲከፈት ድምፅ ያሰማል። ሦስት ገጽ ሐሳብ ያልሠራውን ያ ድምፅ ሠራልኝ። የምትጽፉት ሰው ሲጨነቅ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ዕቃ ስጡት።

ይህ ዘዴ ሁሉንም አይፈታም። ጊዜ ይወስዳል። እኔ 58 ወረቀት አርማለሁ፤ አራት ክፍል የሚያስተምር መምህር ከ200 በላይ አለው፣ ሮስተሩም በቀኑ መግባት አለበት። ሁለት ጊዜ እረም ብዬ ልመክረው አልችልም። ምናልባት በየክፍሉ የመጀመሪያዎቹን 10 ብቻ ቢደግም። ከዚያ በላይ ምክር የለኝም።

የአማርኛውን ነገርም አልፈታሁትም። በዚህ መንፈቅ በፈተናዬ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ቃል ከጠፋችሁ ያንን ቃል በአማርኛ ጻፉ። መምህራን ክፍል ውስጥ አንድ የማከብረው ባልደረባዬ አየውና «ልጆቹን እያታለልክ ነው» አለኝ። «ነገ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚጠብቃቸው ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ ያኔ ማን በአማርኛ ያነብላቸዋል?» ተከራከርኩት፤ ግን ማታ ቤቴ ስገባም አብሮኝ ገባ። ቃል ብዬ የፈቀድኩት ለሚሞክር ልጅ ነው። ዘጠነኛውን ወረቀት የጻፈው ልጅስ በየትኛው መስመር ይገባል?

ታሪኩ አሁን የሚያልቀው መምህሩ ዘጠነኛውን ወረቀት ለብቻው አስቀምጦ፣ ቀሪውን 57 አገላብጦ፣ ከቁጥር አንድ በእርሳስ ሲጀምር ነው። ለዘጠነኛው ስንት እንደሰጠው አልጻፍኩም። ጓደኛዬ «ንገረኝ እንጂ» ይላል። በሚመጣው ወር ኮምቦልቻ ስንገናኝ ባልደረባዬን ታሪኩ ውስጥ አስገብቼ፣ ሌሊት ስልክ አስደውዬለት አምስተኛውን ረቂቅ ይዤለት እወርዳለሁ።