የእህቴ የሰርግ ቪዲዮ ከቤተሰብ እጅ የወጣበት መንገድ

የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እዚሁ ጎንደር ተደገሰ። ሙሉው ቪዲዮ ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለነበር ቴሌግራም አልቀበል አለኝ። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት።

መጀመሪያ ፕራይቬት አደረግኩት። በዚህ ጊዜ ሊንኩ ብቻውን አያሳይም። በ YouTube Studio ውስጥ የእያንዳንዱን ሰው ኢሜይል አስገብቶ መጋበዝ ያስፈልጋል። የተጋበዘው ሰውም በዚያው አካውንት ገብቶ ነው የሚያየው። ለሌላ ሰው ሊንኩን ቢልክለት አይከፈትም።

በማግስቱ እስራኤል ያሉት አክስቴ ደወሉ። «ልጄ፣ ከለከለኝ እኮ!» ስልካቸው ላይ የተከፈተው የልጃቸው አካውንት ነበር፤ እኔ የጋበዝኩት ደግሞ የእሳቸውን ኢሜይል። የሁሉንም ዘመድ አካውንት ማጣራት ሰለቸኝና ሊንኩ ያለው ሁሉ ወደሚያየው ወደ አንሊስትድ ቀየርኩት። ሊንኩን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩ። ሁሉም ያለ ችግር አየው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ተከፍታ ደወለች። «ወንድምዓለም፣ የመሥሪያ ቤቴ ልጅ ሰርግሽን ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ አገኘሁት አለችኝ!»

አንሊስትድ በፍለጋ አይወጣም ብዬ ስለነበር ደነገጥኩ። የቪዲዮውን Analytics ከፍቼ ተመልካች ከየት እንደመጣ አየሁ። ከፕሌይሊስት የመጣ ሰው ነበረበት። ከዘመዶቻችን አንዱ በቅን ልብ የጎንደር ሰርግ ጭፈራዎችን ለሁሉም ክፍት በሆነ ፕሌይሊስቱ ሲሰበስብ የእኛንም ጨምሮታል። አንሊስትድ ቪዲዮ እንዲህ ዓይነት ፕሌይሊስት ውስጥ ከገባ በፍለጋ ሊወጣ ይችላል። ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ማየትም ለሌላ ማስተላለፍም ይችላል፤ የእኔን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ከሰው ፕሌይሊስት ላይ ላወጣው ብልም አልችልም።

ወዲያው ፕራይቬት አደረግኩት፤ ሊንኩ ለሁሉም ተዘጋ። እንደገና አንሊስትድ ባደርገው ግን ያው አሮጌው ሊንክ በየተላከበት ይከፈታል። ስለዚህ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። አዲስ ሊንክ የሚገኘው እንደዚያ ብቻ ነው። ቀድሞ አውርዶ ያስቀመጠ ሰው ካለ ግን ያ ቅጂ በእጁ ይቀራል፤ ይህ እስካሁን ያሳስበኛል።

አሁን ሙሉው ሰርግ ፕራይቬት ነው። ለዘጠኝ ዘመዶች አንድ በአንድ ደወልኩ። የዩቲዩብ መገለጫቸውን ነክተው የትኛው ኢሜይል እንደሚታይ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸውና እሱኑ ጋበዝኩ። አራት ደቂቃ የምትሆን የእስክስታ ቁራጭ ደግሞ ፐብሊክ ለቅቄያለሁ። ማንም ፈልጎ ሊያገኛት፣ ለፈለገውም ሊልካት ስለሚችል፣ የሚታዩትን ሁሉ አስፈቅጄ የልጆች ፊት ያለበትን ቆርጬ አወጣሁ።

ፕራይቬት ቪዲዮ ሥር አስተያየት መጻፍ አይቻልም። አክስቴ ምርቃታቸውን በድምፅ ላኩልን፤ እህቴ ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች።