ለጋሽ ፊት የቆምኩባቸው 20 ደቂቃዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የሕፃናት ማቆያ አለችን። የመሠረቷት የአንድ እድር ሴቶች ናቸው። ፋብሪካ የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን ጠዋት ያመጣሉ፤ ከሥራ ሲወጡ ይወስዳሉ። እኔ የማቆያዋ አስተባባሪ ነኝ። ገንዘብ ፍለጋ ለጋሽ ፊት ሁለት ጊዜ ቀርቤያለሁ። በመጀመሪያው ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ በሁለተኛው ተሳካልን። በመሃሉ ሥራችን ያው ነበር። የለወጥኩት የማቅረቢያውን ቅደም ተከተልና ቁጥሮቹን ነው።

የመጀመሪያው በግንቦት 2016 ደሴ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። 26 ስላይድ አዘጋጀሁ። መቼ እንደተመሠረትን፣ ራዕያችን፣ ተልዕኳችን፣ እሴቶቻችን፣ የቦርድ አባላት ፎቶ። ከዚያ ስለ አገሪቱ ሕፃናት ከየሪፖርቱ የለቃቀምኳቸው ቁጥሮች። የምንፈልገው ገንዘብ የተጻፈው 24ኛው ስላይድ ላይ ነበር። የተሰጠኝ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ከመጡት ሁለት ሰዎች አንዷ አማርኛ ስለማትችል እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይተረጎማል። ለካ 20 ደቂቃ በአስተርጓሚ 10 ደቂቃ ነው። 11ኛው ስላይድ ላይ ሳለሁ ጊዜው አለቀ። ብሩን ሳልጠራ ወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አጭር የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ገንዘብ የለም። እውነቱን ለመናገር በጣም አዘንኩ፤ ሞግዚቶቹን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የቦርዳችን ሰብሳቢ የእድሩ አንጋፋ እናት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሳለ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ፣ እኔን ለጋሹ ነሽ በይኝና ንገሪኝ» አሉ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ስላይዶቹን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳ አቋረጡኝ። «ልጄ፣ ስንት ብር ነው የምትፈልጊው? ለስንት ልጅ? እሱን ሳትነግሪኝ ሌላውን በምን ልቤ ልስማሽ?» ዝም አልኩ። «አብሽሪ፣ ከእሱ ጀምሪ» አሉኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ 26ቱን ወደ 6 ገጽ አወረድኳቸው። ለሁለተኛው ለጋሽ በጥቅምት 2017 ያቀረብኩት ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ፦ 40 ልጆችን ለአንድ ዓመት ለመያዝ 1,032,000 ብር ይጎድለናል። ሰሚው ይህን ካወቀ በኋላ የምለውን ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር እያያያዘ ይሰማል። ጊዜ ቢያጥረን እንኳ ዋናው ነገር ተነግሯል።

ሁለተኛው ገጽ ችግሩ ነው። እዚህ ላይ የአገር አቀፉን ቁጥር ሁሉ አወጣሁት። ለጋሾች እሱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የማያውቁት የእኛን መዝገብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንዲት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያ ልጁን ማን ይያዝ? ልጅ ስንመዘግብ እናትየዋን «እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚይዝልሽ?» ብለን እንጠይቃለን። ከ40ዎቹ 17ቱን ይይዙ የነበሩት ታላላቅ እህትና ወንድሞቻቸው ናቸው። ከእነዚህ 17 ታላላቆች 9ኙ በዚያ ምክንያት ከትምህርት ቀርተው ነበር። ይህን ስናገር የለጋሹ ሰዎች ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ። አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶም ነበረኝ። እናቱ «ልጄን እንዲህ ሆኖ ሰው እንዲያየው አልፈልግም» ስትለኝ አወጣሁት። ሳልጠይቃት ማስገባቴ ጥፋት ነበር። አሁን የልጅ ፊት የማይታይበት፣ የተደረደሩ ትንንሽ ጫማዎች ፎቶ ነው ያለው።

ሦስተኛው ገጽ ወጪው ነው። ብዙ የደከምኩት እዚህ ነው። በመጀመሪያው ማቅረቢያ ወጪውን በ40 ልጅ አካፍዬ የአንድ ልጅ የወር ወጪ ብዬ ነበር። ቤት ስመለስ የስም መጥሪያ ደብተራችንን ገለጥኩ። በቀን በአማካይ የሚመጡት 34 ናቸው። ልጅ ይታመማል፣ የእናት ፈረቃ ይቀየራል፣ አያት ከገጠር ትመጣና ትይዛለች። የተመዘገበና የሚመጣ ልጅ አንድ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍኩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ስድስት ሞግዚቶች፣ አንዲት ምግብ አብሳይና እኔ፣ የሁላችንም ደመወዝ በወር 52,000 ብር። ምግብ ለ34 ልጅ፣ 26 ቀን፣ በቀን 50 ብር፣ 44,200። ውሃ፣ መብራት፣ ሳሙና፣ ከሰል 8,000። የሒሳብ ሠራተኛ በትርፍ ጊዜ፣ የኦዲት ክፍያና የቢሮ ወጪ በወር ሲከፋፈል 9,800። ድምሩ 114,000 ብር። ለተመዘገበ ልጅ 2,850 ይደርሳል፤ በቀን በአማካይ በሚገኙት ሲካፈል ግን 3,353። እናቶች በልጅ 700 ብር ይከፍላሉ፤ 28,000 ይሆናል። የሚጎድለው በወር 86,000፣ በዓመት 1,032,000።

ስለ መጨረሻዋ 9,800 አንድ ነገር ልበል። በመጀመሪያው ማቅረቢያ የአስተዳደር ወጪ ዜሮ ብዬ ነበር። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነው። አንደኛው ሰውዬ «ታዲያ ሒሳባችሁን ማን ይይዘዋል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ዜሮ ሲባል የሚሰማቸው «ሒሳብ የሚይዝ የለም» የሚል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚለው። የእኛው ወደ 9 በመቶ ነው። አሁን ቁጥሩን ጽፌ፣ በምን ላይ እንደሚወጣም አብሬ አስቀምጣለሁ። የሞግዚትና የምግብ አብሳይ ደመወዝ የሥራው ራሱ ወጪ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አይገባም። ይህንን ሳልለይ ሁሉንም ደመወዝ አስተዳደር ብዬው ቢሆን ኖሮ ሕጉን የጣስን እንመስል ነበር።

ሌላው ብርና ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፊቱ በጀቴ በዶላር ነበር፤ ያ ወረቀት ከዚያ በኋላ ምንም ትርጉም አልነበረውም። አሁን በብር ጠይቄ፣ ከግርጌ የምግቡ ዋጋ ከኮምቦልቻ ገበያ የተጠየቀበትን ቀን እጽፋለሁ። ዘይትና ዱቄት ከዚያ ከፍ ሲል ምን ያህል እንደሚጨምርብን በቀላሉ ማሳየት እችላለሁ።

አራተኛው ገጽ እኛ ያለን ነው። ቤቱ የእድሩ ነው፤ ኪራይ አንከፍልም። በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ጭራሽ አልጠቀስኩም፤ ገንዘብ ስላልሆነ። ግን ተመሳሳይ ቤት በሰፈራችን 15,000 ብር ይከራያል። ይህ በየወሩ እድሩ የሚያዋጣው ነው። በሁለተኛው ጊዜ ጻፍኩት፤ ሆኖም ወዲያው ጥያቄ አመጣ፦ «እድሩ ነገ ቤቱን ቢፈልገውስ?» ይህንን ሰብሳቢያችን ቀድመው ገምተውት ነበር። ቤቱን ለሦስት ዓመት እንደፈቀዱልን የሚገልጽ፣ የእድሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

አምስተኛው ገጽ ምን እንደምናሳውቃቸው ነው። ሦስት ነገር ብቻ፦ በየቀኑ የመጡ ልጆች ቁጥር፣ ወደ ትምህርት የተመለሱ ታላላቆች ቁጥር፣ እና ወጪው ከነደረሰኙ። የሕፃናቱን የአእምሮ እድገት እንለካለን ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። የሚለካ ሰው የለንም። የማንችለውን ቃል ገብተን በስድስተኛው ወር ከምናፍር ደብተር የሚያሳየውን መናገር ይሻላል።

ስድስተኛው ገጽ ገንዘቡ ሲያልቅስ የሚለው ነው። እዚያ ላይ የጻፍኩት እናቶች ከወጪው ሩቡን እንደሚሸፍኑ፣ የቀረውን ግን ገና መፍትሔ እንዳላገኘንለት ነው። ይህን መጻፍ ፈርቼ ነበር። ሰብሳቢያችን ግን «የሌለሽን አለኝ አትበይ» አሉኝ።

በጥቅምቱ ቀን ፕሮጀክተሩ ገና ሳይበራ መብራት ጠፋ። 6ቱን ገጽ በወረቀት አትሜ ስለነበር አደልኳቸውና ቀጠልኩ። 9 ደቂቃ ፈጀ። የቀረው ሁሉ ጥያቄ ሆነ።

ከባዱ ጥያቄ «ግማሹን ብንሰጣችሁስ?» የሚል ነበር። በደመ ነፍስ «20 ልጅ እንይዛለን» ማለት ይቀናል። ስህተት ነው፤ ማታ ቤት አስልቼዋለሁ። 20 ልጅ ብንይዝ ሞግዚቶች ሦስት ይሆናሉ፣ ምግቡም በግማሽ ይቀንሳል። ግን አንዲት ምግብ አብሳይ፣ አንድ አስተባባሪ፣ ያው የሒሳብ ወጪ ይኖራል። ውሃና መብራትም ከ6,000 አይወርድም። ድምሩ 71,900 ይሆናል። የእናቶቹን 14,000 ብትቀንሱ 57,900 ይጎድላል። ግማሹ ገንዘብ ደግሞ 43,000 ነው። አይደርስም። ወረቀቱን አሳየኋቸውና «ግማሹን ብቻ ከሆነ ሙሉ ሥራውን ለስድስት ወር ያዙልን፤ ሪፖርታችንን አይታችሁ የቀረውን ወስኑ» አልኩ። ልጅ ከምንመልስ ጊዜውን ማሳጠር ይሻላል ብዬ ነው።

በኅዳር ደብዳቤው መጣ። ለመጀመሪያው ስድስት ወር 516,000 ብር፣ ቀሪው ከሪፖርት በኋላ። ልክ ያልኳቸውን ነው የጻፉት። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ማቆያው ሮጥኩ፤ ሞግዚቶቹ እልል አሉ፤ የተኙት ልጆች ተነሱ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጆች ይቆጠራሉ፤ ሁለት ሰው ይፈርማል። በስድስቱ ወር አማካዩ 35 ሆነ። ከ9ኙ ታላላቆች 7ቱ ትምህርት ጀምረዋል። ሁለቱ አልተመለሱም፤ አንዷ ሥራ ገብታለች፤ ሌላው ከተማውን ለቋል። እንዲሁ ጻፍነው። ሁለተኛው ዙር ገንዘብ በሰኔ ገባ።

የስድስተኛው ገጽ ጥያቄ አሁንም አለ። እናቶቹ ከሚሠሩባቸው ፋብሪካዎች ከአንዱ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ይዘናል። ለእነሱ የማቀርበው ይህ ወረቀት አይሆንም፤ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው። ልጅ የሚይዝላት ስታጣ አንዲት እናት በወር ስንት ቀን ከሥራ ትቀር ነበር የሚለውን እናቶቹን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ነው። እስከ ትናንት 22ቱን አነጋግሬያለሁ።