ከኮሚሽኑ 9,600 ብር የት ገባ?

ባሕር ዳር ውስጥ ቀለም በሚያከፋፍል ድርጅት የሽያጭ ወኪሎችን ኮሚሽን የማሰላው እኔ ነኝ። የታኅሣሥ ሒሳብ እንደወጣ የወረታን መስመር የያዘው ወኪል ደብተሩን ይዞ መጣ። "እህቴ፣ እኔ የጠበቅኩት 20,700 ብር ነው፤ ያወጣሽልኝ 11,100። ሌላው የት ገባ?"

የኛን ወረቀት ወደ ጎን አድርጌ ከሱ ቁጥር ጀመርኩ። የተናደደ ሰው የናንተን ስሌት ብታነቡለት አይሰማም፤ የራሱን ቁጥር ይዛችሁ ደረሰኝ በደረሰኝ ስትወርዱ ግን አብሯችሁ ይወርዳል።

ደብተሩ ላይ የ690,000 ብር ሽያጭ አለ፤ 3 በመቶው በርግጥም 20,700 ነው። ግን ይሄ ደንበኛው የሚከፍለው ከነቫቱ ነው፣ ውላችን ደግሞ ኮሚሽን የሚታሰበው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ነው ይላል። ወዲያው ካልኩሌተሩን አንስቶ 15 በመቶ ቀነሰና 586,500 አገኘ። ቆይ አልኩት። ቫቱ የተጨመረው በዋናው ዋጋ ላይ ስለሆነ ለ1.15 ነው የሚካፈለው፣ 600,000 ይመጣል። በሱ መንገድ ብንሄድ 405 ብር ይቀርበት ነበር። ይህን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ፣ ልጎዳው እንዳልተቀመጥኩ ገባው መሰለኝ። ከቫቱ የተነሳ የወረደው 2,700 ብር ነው።

ትልቁ ግን ዱቤው ነው። ኮሚሽን የሚከፈለው ገንዘቡ ሲሰበሰብ ነው፣ ወረታ ያለ አንድ ሱቅ ደግሞ ከቫት በፊት የ200,000 ብር ዕቃ ወስዶ አልከፈለም። "እንዴ፣ ከፍሏል!" ብሎ ደንበኛው የላከለትን የባንክ ስሊፕ ፎቶ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር አመሳከርነው፤ ገንዘቡ የገባው ጥር 2 ነው። ስለዚህ 6,000 ብሩ ተቆረጠ ሳይሆን ወደ ጥር አደረ። ወረቀታችን ላይ ግን ይሄ የሚታይበት ቦታ ስላልነበረ የተበላ ነው የሚመስለው። አሁን "በዱቤ ያደረ" የሚል ዓምድ ከደንበኛው ስምና ከደረሰኝ ቁጥሩ ጋር አስገብቻለሁ። የስልክ ጥሪው ቀንሶልኛል።

የቀረው 900 ብር የተመላሽ ዕቃ ነው። ኅዳር ላይ ተሸጦ ኮሚሽኑ ተከፍሎበት፣ ታኅሣሥ ላይ የተመለሰ የ30,000 ብር ቀለም። ሰነዱን አየ፣ አልካደም፣ ግን "የተሳሳተ ቀለም የጫነው መጋዘኑ፣ የምቀጣው እኔ?" አለ። እውነት ለመናገር ልክ ነው። ውሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም፣ ዕቃው ከተመለሰ ይቀነሳል ብቻ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ቁጥሩን በእጄ ባስተካክለው የወሩ ኮሚሽን ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ስሌቱን እንዳለ ትቼ የመጋዘኑን የመጫኛ ወረቀት አያይዞ ለሽያጭ ኃላፊው ለብቻው እንዲያመለክት ነገርኩት። ከተፈቀደለት በጥር ሒሳብ ላይ በራሱ መስመር ይገባል።